አራቱ መስመር ከየት መጣ?

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። 12ኛ ክፍል እያለሁ ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ፤ መልስ አውጪ ሲሉኝ አወጣለሁ። አሁን ግን "አረጋግጪ" የሚል ጥያቄ ሲመጣ እስክሪብቶ ይዤ ባዶ ወረቀት ላይ አፈጣለሁ። ባለፈው አሳይመንት "n ኢንቲጀር ነው። n² ተጋማሽ ከሆነ n ራሱ ተጋማሽ መሆኑን አረጋግጪ" ይላል። በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ10 ሠርቼ አሳየሁ። ዜሮ ተሰጠኝ። ጓደኛዬ መልሱን አሳየችኝ፣ አራት መስመር ናት። ሳነባት ትገባኛለች፣ ከየት እንደመጣች ግን ፈጽሞ አላውቅም። ዲፓርትመንት ልቀይር እያሰብኩ ነው። ከየት ልጀምር? ከ4 ኪሎ»

እህቴ፣ ጓደኛሽ ያሳየችሽ አራት መስመር በመጨረሻ የተጻፈው ነው። እንግዳ የሚያየው መሶቡን ነው፣ ጓዳውን አያይም። ከዚያች አራት መስመር በፊት አንድ ሰው ሌላ ወረቀት ላይ ሞክሯል፣ ሰርዟል፣ መንገድ ዘግቶበት ተመልሷል። ያንን ወረቀት ማንም አያሳይሽም፤ መጽሐፍም አያሳይሽም፣ ቦርድ ላይ የሚጽፍ አስተማሪም ብዙ ጊዜ አያሳይሽም። ዛሬ እኔ ያንን ወረቀት ላሳይሽ ነው የምፈልገው፣ በራስሽ ጥያቄ።

መጀመሪያ ግን ስለ ዜሮው እናውራ። በአራት ቁጥር መሞከርሽ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ማቆምሽ ነው። ጥያቄው የሚያወራው ስለ ሁሉም ኢንቲጀር ነው፣ ኢንቲጀር ደግሞ አያልቅም። አራት ሞክሪ፣ አራት ሺህ ሞክሪ፣ ያው ነው። ለምን ያው እንደሆነ አንድ የታወቀ ነገር ላሳይሽ። ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. n² − n + 41 ስለሚለው ቀመር ጽፏል። n ቦታ 1 ስታስገቢ 41 ይመጣል። በ2 43፣ በ3 47፣ በ4 53። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ ፕራይም የምንላቸው። እንዲህ እያለ እስከ 40 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አይሰናከልም። አርባ ጊዜ ሞክሮ አርባውንም ያገኘ ሰው «በቃ ሁልጊዜ ፕራይም ነው» ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። 41 ላይ ግን 41² − 41 + 41 ይሆናል፣ −41 እና +41 ይጠፋፉና 41² ብቻ ይቀራል፣ እሱ ደግሞ 41 ጊዜ 41 ነው። ፕራይም አይደለም። አርባ ምስክር መጥቶ ሁሉም እውነት ተናግሮ፣ አርባ አንደኛው ነገሩን አፈረሰው።

ስለዚህ ምሳሌ ለማረጋገጥ አይበቃም። ለማፍረስ ግን አንድ ምሳሌ ብቻ ይበቃል፤ ይህን ያዢልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ባዶው ወረቀት። የመጀመሪያውን መስመር ለመጻፍ ሐሳብ እስኪመጣልሽ አትጠብቂ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው መስመር ሐሳብ አይጠይቅም፣ መገልበጥ ነው። መሞከሪያ ወረቀት አውጪ። ከላይ የተሰጠሽን ጻፊ። ከታች፣ ገጹ መጨረሻ አካባቢ፣ የሚፈለግብሽን ጻፊ። መሐሉን ባዶ ተዪው። ቀጥሎ ሁለቱንም በዴፊኒሽናቸው ተርጉሚ። ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይህንን ነው፣ እኔ ደግሞ ከሥራው ግማሹ ይሄ ነው እላለሁ።

«ተጋማሽ ቁጥር ምንድነው?» ብዬ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «2፣ 4፣ 6፣ 8» ወይም «በሁለት የሚካፈል» ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን ወረቀት ላይ ምንም አያሠሩሽም። 2፣ 4፣ 6 የሚለው ዝርዝር ላይ መደመርም ማባዛትም አትችዪም። የምታሠራሽ ዓረፍተ ነገር ይህቺ ናት፦ n ተጋማሽ ነው ማለት n = 2k የሚሆንበት ኢንቲጀር k አለ ማለት ነው። ኢ-ተጋማሽ ነው ማለት ደግሞ n = 2k + 1 የሚሆንበት ኢንቲጀር k አለ ማለት ነው። ልዩነቱ ይታይሻል? «በሁለት የሚካፈል» የሚለው ቃል ነበር፣ አሁን እኩልታ ሆነ። እኩልታ ላይ ደግሞ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ 12ኛ ክፍል ሙሉ ስትሠሪው የከረምሽው እሱን ነው። ዴፊኒሽን የምንሸመድደው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ከቃል ወደ እኩልታ የሚያሻግረን እሱ ስለሆነ ነው። አንድ ቃሉን ብትረሺ፣ ለምሳሌ «ኢንቲጀር k» ከሚለው ላይ ኢንቲጀሩን ብትጥዪው፣ 3 እንኳ ተጋማሽ ይሆንልሻል፣ ምክንያቱም 3 = 2 × 1.5 ነው።

ያንቺን ጥያቄ ለጊዜው አቆይተን አንድ ቀለል ያለ እንሥራ። «n ኢ-ተጋማሽ ከሆነ n² ኢ-ተጋማሽ ነው» ይበልሽ። ከላይ ጻፊ፦ n = 2k + 1፣ k ኢንቲጀር ነው። ከታች ጻፊ፦ n² = 2(አንድ ኢንቲጀር) + 1። ቅንፉ ውስጥ ያለውን ገና አታውቂውም፣ ፍለጋሽ እሱ ነው። አየሽ፣ አሁን «አረጋግጪ» የሚለው ጥያቄ «ቅንፉ ውስጥ ምን ይግባ?» ወደሚል ጥያቄ ተቀየረ። ይህ ደግሞ የለመድሽው ዓይነት ነው። ከላይ ስለ n ነው የሚያወራው፣ ከታች ስለ n²፣ ስለዚህ ስኩዌር እናድርገው፦

(2k + 1)² = 4k² + 4k + 1

ሦስተኛው ቁጥር 1 ነው፣ የምንፈልገውም መጨረሻ ላይ + 1 ያለበትን ነው። እሱን አትንኪው። ከቀሩት ሁለቱ 2 አውጪ፦ 2(2k² + 2k) + 1። ቅንፉ ውስጥ ያለው 2k² + 2k ነው፤ k ኢንቲጀር ስለሆነ ይሄም ኢንቲጀር ነው። ከላይ የጀመርሽው ከታች ከጻፍሽው ጋር ተገናኘ። አለቀ።

እዚህ ላይ ስለ n አንድ ነገር ልበልሽ። የምታስረክቢው ወረቀት ላይ «n ማንኛውም ኢ-ተጋማሽ ኢንቲጀር ይሁን» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ይህ ለወግ የሚጻፍ ነገር አይደለም። «የፈለግሽውን ቁጥር አንቺ አምጪ፣ እኔ አልመርጥም» እያልሽ ነው። አንባቢሽ 7 ቢያመጣ፣ አሥር ሚሊዮን አንድ ቢያመጣ፣ መስመሮችሽ ለሁሉም ይሠራሉ። ከ2፣ 4፣ 6፣ 10 ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እዚያ የመረጥሽው አንቺ ነበርሽ።

ስለ ፊደል ከተነሳ፣ በየዓመቱ የማየውን ስህተት ሳልነግርሽ አላልፍም። «ሁለት ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ተጋማሽ እንደሚሆኑ አረጋግጡ» ስል ከወረቀቶቹ ብዙዎቹ a = 2k + 1፣ b = 2k + 1፣ ስለዚህ a + b = 4k + 2 ብለው ይመጣሉ። ድምሩ ልክ ይመስላል፣ መደምደሚያውም እውነት ነው፣ ግን ነጥብ ይቀነሳል፣ ተማሪውም ተበደልኩ ይላል። በ3 እና በ7 ፈትሺው። ለ3 k 1 መሆን አለበት፣ ለ7 ደግሞ 3። አንድ k በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መሆን አይችልም። ያ ልጅ ያረጋገጠው ማንኛውም ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ከራሱ ጋር ሲደመር ተጋማሽ እንደሚሆን ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር የራሱን ፊደል ይፈልጋል፦ a = 2k + 1፣ b = 2m + 1፣ ድምሩ 2(k + m + 1)። «አለ» የሚል ዴፊኒሽን ሁለት ጊዜ ከተጠቀምሽ ሁለት ፊደል ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ አሳይመንትሽ እንመለስ። በዚያው መንገድ እንሂድ። ከላይ፦ n² = 2k። ከታች፦ n = 2(አንድ ኢንቲጀር)። ስለ n² ተነግሮናል፣ ስለ n ማወቅ እንፈልጋለን፣ ታዲያ ስኩዌር ሩት እናውጣ። n ወይ √(2k) ነው ወይ −√(2k)። ከዚህስ? ከዚህ በኋላ የለም። √(2k) ውስጥ ተቀምጦ ስለ ኢንቲጀር ምንም የሚነግርሽ ነገር የለም፣ 2ን ከሩቱ ውስጥ ጎትተሽ ብታወጪ √2 ነው የሚሆንብሽ። ባዶ ወረቀት ላይ ያፈጠጥሽው እዚህ ደርሰሽ ከሆነ ጥሩ ቦታ ደርሰሽ ነበር። ይህ መዘጋት ራሱ መረጃ ነው። የተሰጠሽ ስለ ውስብስቡ ነገር ነው፣ ስለ n²፤ የተጠየቅሽው ስለ ቀላሉ ነው፣ ስለ n። ከ n ወደ n² መሄድ ማባዛት ብቻ ነው፣ መመለሱ ግን ከባድ ነው። እንዲህ ሲሆን መንገዱን መገልበጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

ይቻላል። የፍሬሽማን ማቲማቲክስ መጀመሪያ ላይ ፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ስትማሪ «p ከሆነ q» እና «q ካልሆነ p አይሆንም» የሚሉት ትሩዝ ቴብላቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አይተሻል። ኮንትራፖዘቲቭ ይባላል። ያኔ ሰንጠረዥ መሙላት ብቻ መስሎሽ ይሆናል፣ ጥቅሙ ግን አሁን ነው የሚመጣው። ፒያሳ ዝናብ ከዘነበ አስፋልቱ ይረጥባል እንበል። አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ አልዘነበም ማለት ነው፤ ይሄ ያው የመጀመሪያው አባባል ነው፣ ከሌላ በር የገባ። ግን ተጠንቀቂ፣ «አስፋልቱ ከረጠበ ዘንቧል» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ያንቺ አሳይመንት ላይም ይሄው ወጥመድ አለ፦ n = 2k ብለው ጀምረው n² = 4k² = 2(2k²) ስለሆነ ተጋማሽ ነው ብለው የሚያስረክቡ አሉ። ሒሳቡ አንድም ስህተት የለበትም። ያረጋገጡት ግን የተጠየቁትን አይደለም፣ «n ተጋማሽ ከሆነ n² ተጋማሽ ነው» የሚለውን ነው። ወረቀትሽን ከማስረከብሽ በፊት የመጀመሪያ መስመርሽ ከጥያቄው «ከሆነ» በፊት ካለው ጋር ይገጥም እንደሆነ እይ። በኮንትራፖዘቲቭ ከሄድሽ ደግሞ የመጀመሪያ መስመርሽ «አይደለም» የሚል መሆን አለበት።

ያንቺ ጥያቄ በኮንትራፖዘቲቭ ሲጻፍ «n ተጋማሽ ካልሆነ n² ተጋማሽ አይደለም» ይሆናል። ተጋማሽ ያልሆነ ኢንቲጀር ኢ-ተጋማሽ ነው። እንግዲህ ይሄን ቅድም ሠርተነዋል! የጓደኛሽ አራት መስመርም ይህንን ሳትመስል አትቀርም፦

n ማንኛውም ኢንቲጀር ይሁን፣ ተጋማሽ አይደለም እንበል።
ስለዚህ n ኢ-ተጋማሽ ነው፤ n = 2k + 1 የሚሆንበት ኢንቲጀር k አለ።
n² = 4k² + 4k + 1 = 2(2k² + 2k) + 1።
2k² + 2k ኢንቲጀር ስለሆነ n² ኢ-ተጋማሽ ነው፣ ማለትም ተጋማሽ አይደለም።

ከየት እንደመጣች አሁን ታውቂያለሽ። ሁለተኛዋ መስመር ዴፊኒሽን ናት፣ ሦስተኛዋ አልጀብራ፣ አራተኛዋ ዴፊኒሽኑን ወደ ኋላ ማንበብ። ብልሃት ያለው በመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም የመጣው √(2k) ጋ ስለተዘጋብን ነው። ያ የተዘጋው መንገድ ግን ከአራቱ መስመር ውስጥ የትም አይታይም። ለዚህ ነው ከሰማይ የወረደች የመሰለችሽ። ደግሞ አንድ ነገር በዝምታ ተጠቅመናል፦ ማንኛውም ኢንቲጀር ወይ ተጋማሽ ነው ወይ ኢ-ተጋማሽ፣ ሁለቱንም አይሆንም፣ ከሁለቱም ውጭ አይሆንም። ይህ ለ2 ሲካፈል ቀሪው 0 ወይም 1 ብቻ ስለሆነ ነው።

መሞከሪያው ወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ መሥራት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ሲያስረክቡ ግን ከላይ ወደ ታች ነው። ለምሳሌ a² + b² ≥ 2ab መሆኑን አረጋግጪ ብትባዪ መሞከሪያው ላይ የሚፈለገውን ይዘሽ ታሻግሪያለሽ፣ a² − 2ab + b² ≥ 0 ይመጣል፣ እሱ (a − b)² ≥ 0 ነው፣ ይህ ደግሞ የታወቀ ነው። ጥሩ። የምታስረክቢው ወረቀት ላይ ግን (a − b)² ≥ 0 ብለሽ ከታወቀው ጀምረሽ ወደ ተጠየቀው ትወርጃለሽ። «ምን ልዩነት አለው?» ይሉኛል። ይህን ተመልከቺ፦ 1 = −1 ብለሽ ጀምሪ። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አድርጊ። 1 = 1። መጨረሻው እውነት ነው፣ መጀመሪያው ውሸት። ከሚፈለገው ተነስቶ እውነት ላይ መድረስ ምንም አያረጋግጥም፣ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላም የሚሄድ ካልሆነ በስተቀር። ስኩዌር ማድረግ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማሻገር ይሄዳል።

አሁን ያንቺ ተራ ነው። ጥያቄው ላይ ያለውን ሁለት በሌላ ቁጥር እንቀይረው። «n² ለ4 ከተካፈለ n ለ4 ይካፈላል» ብልሽ ምን ትያለሽ? ቶሎ አትመኚኝ። n = 2 አስገቢ። n² 4 ነው፣ ለ4 ይካፈላል፤ 2 ግን አይካፈልም። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ይሄ ነው፣ አንድ ምሳሌ አፈረሰው። ምሳሌ መሞከር ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ለማረጋገጥ ከመነሳትሽ በፊት ነገሩ እውነት መሆኑን ትጠረጥሪበታለሽ። አሁን ግን ዋናውን ነገር አድርጊ፦ የእኛን አራት መስመር በ4 ሞክሪና የት ላይ እንደሚሰበር ፈልጊ። n ለ4 ካልተካፈለ ሦስት ዓይነት ይሆናል፦ 4k + 1፣ 4k + 2፣ 4k + 3። የመሐለኛውን ስኩዌር ስታደርጊ 16k² + 16k + 4 ይመጣል፣ ይህም 4(4k² + 4k + 1) ነው። ለ4 ተካፈለ! የሚሰበረው እዚህ ነው። ማረጋገጫ ሲገባሽ ይህን ማድረግ ትችያለሽ፤ ሐሰት የሆነ ነገር ስትሰጪው የትኛው መስመር እንደሚጮህ ትለያለሽ። ሳነባት ትገባኛለች ያልሽው ገና እዚህ አልደረሰም፣ ሲደርስ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

በ3 ግን ልሠራልሽ አልፈልግም። «n² ለ3 ከተካፈለ n ለ3 ይካፈላል።» ይህ እውነት ነው። ከላይ የሚጻፈውን ጻፊ፣ ከታች የሚጻፈውን ጻፊ፣ ይዘጋብሽ፣ ገልብጪው። ለ3 የማይካፈል ሁለት ዓይነት ነው፣ ስለዚህ አልጀብራውን ሁለት ጊዜ ትሠሪያለሽ። አንዱን ብቻ ሠርተሽ እንዳታቆሚ፣ ነጥብ የሚቀነሰው እዚያ ነው። ሁለቱም ሲያልቁ እያንዳንዱን መስመር በእስክሪብቶ እየነካሽ «ለምን?» በዪ። መልሱ «ዴፊኒሽን»፣ «የተሰጠ»፣ «አልጀብራ» ወይም «ቅድም ያረጋገጥኩት» ካልሆነ ያ መስመር ላይ ክፍተት አለ። «ግልጽ ስለሆነ» የሚል መልስ አልቀበልሽም።

መለማመጃ የምታደርጊው ደብተር ካለሽ በቀኙ ገጽ የምታስረክቢውን፣ በግራው ሙከራውን አድርጊው፣ የሰረዝሽውንም አትቅደጂ። በራስሽ ግቢ ቲቶሪያል ወይም የአስተማሪሽ የቢሮ ሰዓት ሲኖር ይዘሽ የምትሄጂው የግራውን ገጽ ነው። የቀኙን ብቻ ያየ ሰው ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ከማለት ውጭ ሊረዳሽ አይችልም፤ የግራውን ሲያይ ግን የትኛው በር ላይ እንደቆምሽ ያያል።

ስለ ዲፓርትመንቱ፣ ቀኑ ካላለፈብሽ በ3 ያለውን ጥያቄ እስክትሠሪ ፎርሙን አትሙዪ። ሠርተሽ ስትጨርሺ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አንብቤ በመስመር በመስመር እመልስልሻለሁ። መቀየር አለመቀየሩን ከዚያ በኋላ እናወራለን።